ልብ ወለድን ፍጻሜውን ሳይገልጹ ማስተዋወቅ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዳባትና በደባርቅ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ረጅም ልብ ወለድ መጽሐፍ ገና ላላነበቡት ሰዎች በአጭር ንግግር እንዴት ሊቀርብ እንደሚችል ማስረዳት ነው። ለምሳሌ የወሰድሁት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ለንባብ ክበብ ሁለት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ መጀመሪያ በዳባት፣ ከጥቂት ወራት በኋላም በደባርቅ። የመጀመሪያው ንግግር አልተሳካም። ለምን እንዳልተሳካና በሁለተኛው ምን እንደ ለወጥሁ ብገልጽ፣ የጥናት ጓደኞቼ በየአገራቸው ተመሳሳይ ሥራ ሲያጋጥማቸው ይጠቅማቸው ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

፩. በዳባት የሆነው

በዳባት የተሰበሰብነው ወደ ሃያ ሰዎች እንሆን ነበር። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ሁለት መምህራንና አንድ በዕድሜ የገፉ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛም ነበሩ። መጽሐፉ አንድ ብቻ ስለ ነበረ፣ ከንግግሩ በኋላ በተራ እየተዋሱ እንዲያነቡት ታስቦ ነበር። እኔም መጽሐፉን ጠንቅቄ ማወቄን ላሳይ ስል ታሪኩን ከማንኩሳ ጀምሬ በምዕራፍ በምዕራፉ አስከትዬ እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። ንግግሩ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

ሰዎቹ በጥሞና አዳመጡኝ፤ አንዳንዶቹም ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ነገር ግን «መጽሐፉን አሁን ማን ይወስዳል?» ብዬ ስጠይቅ እጁን ያነሣ ሰው አልነበረም። ጥቂት ዝም ብለን ከቆየን በኋላ ከፊት የተቀመጠ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሁሉንም ነገሩን እኮ። አሁን ምን ልናገኝ እናነበዋለን?» አለኝ። ልጁ ያለው እውነት ነበር። መጽሐፉን አስተዋወቅሁ ብዬ በመጽሐፉ ፋንታ የራሴን ታሪክ ሰጥቻቸው ነበር፤ የእኔ ደግሞ ከሐዲስ ዓለማየሁ ያነሰ መሆኑን መናገር አያስፈልግም።

ጥፋቱ ፍጻሜውን መናገሬ ብቻ አልነበረም። ታሪኩን በሆነበት ቅደም ተከተል ስናገር፣ አድማጩ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ከሚለው ጥያቄ በቀር ሌላ የሚያስበው ነገር አልነበረውም። ይህ ጥያቄ መልሱ እንደ ተገኘ የሚጠፋ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ወደ ደባርቅ ከመሄዴ በፊት፣ መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር የማያልቅ ጥያቄ በመጽሐፉ ውስጥ አለ ወይ ብዬ መፈለግ ነበረብኝ።

፪. ስለ ደራሲውና ስለ መጽሐፉ ምን ያህል መናገር ይበቃል?

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም በደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ ናቸው፤ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱም በልብ ወለዱ ውስጥ ዋና ስፍራ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ ነው። ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ተዋግተው ተማርከው በኢጣልያ ታሥረዋል። ከነጻነት በኋላም በዲፕሎማትነትና በትምህርት ሚኒስትርነት አገልግለዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ደራሲው ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለአድማጭ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ስለ ቆሎ ተማሪ ኑሮና ስለ ቅኔ ቤት የሚጽፉት ራሳቸው ከኖሩበት ነው። ሁለተኛው የመጽሐፉ ዓመት ነው። በደባርቅ አንድ ወጣት መምህር ንግግሩን ሳልጀምር፣ «ይህ ደርግ መሳፍንቱን ለመንቀፍ ያስጻፈው አይደለም ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። መጽሐፉ የታተመው ከ1966ቱ አብዮት ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ የመንግሥት ከፍተኛ ሹም በነበረ ሰው ተጽፎ መሆኑን ሲሰማ አሳቡን ለወጠ። የውጭ ሰው ክስ መሆኑ ቀርቶ የቤት ሰው ትዝብት ሆኖ ታየው። የሕይወት ታሪኩን ከዚህ በላይ ማስረዘም ግን የንግግሩን ጊዜ ይበላል። እኔ ሦስት ደቂቃ ሰጠሁት።

፫. ርእሱ ራሱ የሚገልጸው ነገር

ፍጻሜን መሰወር በዚህ መጽሐፍ ላይ ልዩ ችግር አለበት። ርእሱ ገና ሳይነበብ «መቃብር»ን ይጠራል። ከዚህም ሌላ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስለ ተረከው፣ አንዳች ልብ ወለድ ያላነበቡ ሰዎች እንኳ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ስም ያውቃሉ። በደባርቅ ከነበሩት አድማጮች መካከል በዕድሜ የሚበልጡት በሬዲዮ ሰምተውታል፤ ወጣቶቹ ግን ስሙን እንጂ ነገሩን አያውቁም ነበር።

ስለዚህ ንግግሬን የጀመርሁት ከርእሱ ነው። «ደራሲው በመጽሐፉ ሽፋን ላይ መቃብርን ካነሣ፣ ሊሰውረን የፈለገው እዚያ መድረሱን ሊሆን አይችልም። እንግዲያው ከአምስት መቶ በሚበልጥ ገጽ የሚነግረን ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። በሬዲዮ የሰሙትንም፣ «የምታውቁትን ዛሬ ለወጣቶቹ አትንገሩ፤ ይልቅስ እኔ ስናገር ያልሰማችሁት ነገር እንዳለ ተመልከቱ» ብዬ ለመንኋቸው። ሽማግሌዎቹም ምሥጢር ጠባቂ በመሆናቸው ደስ ብሏቸው እስከ መጨረሻው ቃላቸውን ጠበቁ።

፬. ሦስት ስጦታዎች

ቀጥሎ መጽሐፉን ሁሉ ያያይዝልኛል ያልሁትን አንድ ጥያቄ አቀረብሁ። ጥያቄውም፣ «ሰው የሌላውን ሰው ሕይወት አስቀድሞ ሊሰጥ ይችላልን?» የሚል ነው። በታሪኩ ውስጥ ይህ ሦስት ጊዜ ይሆናል፤ በሦስት ቤትም ይደርሳል።

የመጀመሪያው የስእለት ነገር ነው። በማንኩሳ የምትኖር ውድነሽ በጣሙ የምትባል ሴት አለች። ያገቧት ባሎች ስለ ሞቱባት ሰው ፈርቷት ብቻዋን ቀርታለች። ቦጋለ መብራቱም ዘመድና ሀብት የሌለው እንግዳ ሰው ነው። እነዚህ ሁለት ብቸኞች ተጋብተው በዛብህን ይወልዳሉ። ልጁ እንዲኖርላቸው ሲሉም ዕድሜውን ሁሉ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል፣ ሚስትም እንዳያገባ ይሳላሉ።

እዚህ ላይ ለአድማጭ መብራራት ያለበት ነገር አለ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት መማር ብቻውን ጋብቻን አይከለክልም፤ ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት በቁርባን ሊያገባ ይችላል። በዛብህን ያሠረው ትምህርቱ ሳይሆን ወላጆቹ ስለ እርሱ የተናገሩት ቃል ነው። ይህ ካልተለየ አድማጩ መጽሐፉን ቤተ ክርስቲያንን የሚቃወም አድርጎ ይወስደዋል። ደራሲው ግን ስእለቱን ያደረጉትን ሰዎች በፍቅር ነው የሚያቀርባቸው። አንድ ልጅ ብቻ ያገኘች እናት እንዳይሞትባት ስትል የምትሳለውን ስእለት ማንም በቀላሉ ሊነቅፈው አይችልም፤ የነገሩ ክብደትም ከዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው የዘር ነገር ነው። በዲማ ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ጥሩአይነት ጋር ይኖራሉ። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል መልከ መልካም ናት። ነገር ግን ለጋብቻ የሚመጣው ሰው ሁሉ ዘሩ ተቆጥሮ አይበቃም እየተባለ ስለሚመለስ፣ የአገሩ ልጃገረዶች ከሚዳሩበት ዕድሜ አልፋ በአባቷ ቤት ተቀምጣለች።

በደባርቅ ይህን ለማስረዳት ብዙ አልደከምሁም። በጎንደርም እንደ ጎጃም ዘር መቁጠር የቆየ ሥራ ነው። በርስት ሥርዓት ጊዜ አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ወደ ላይ ቆጥሮ ከአቅኚው አባት ከደረሰ የመሬት ድርሻ ይጠይቅ ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ያን ሥርዓት እስኪያስቀረው ድረስ ዘሩን መቁጠር የማይችል ሰው ርስቱን ሊያጣ ይችል ነበር። አንድ ሽማግሌ እዚያው ተነሥተው ዘራቸውን እስከ ሰባት ትውልድ ቆጠሩልን። እኔም፣ «እርስዎ የቆጠሩት ከመሬቱ ለመግባት ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ግን የሚቆጥሩት ሰውን ከቤታቸው ለማስወጣት ነው» ብዬ ልዩነቱን አሳየሁ። ሽማግሌው ሥቀው፣ «ቁጥሩስ አንድ ነው፤ በሩ ነው የተለየው» አሉ። ከዚያ በኋላ ፊታውራሪን እንደ ሩቅ ሰው የቆጠራቸው አልነበረም።

ሦስተኛው የግብር ነገር ነው። የፊታውራሪ ባላገሮች በልማድ ይሰጡት የነበረውን ነገር ከእንግዲህ አንሰጥም ብለው በአበጀ በለው መሪነት ይነሣሉ። ልማዱን የጀመሩት አባቶቻቸው ናቸው። ክርክሩም አባት የሰጠው ልጅን ያስገድዳል ወይስ አያስገድድም የሚል ነው። ስለ ንብረት የሚመስለው ጠብ በእውነቱ ከበዛብህ ስእለት ጋር አንድ ዓይነት ጥያቄ የያዘ መሆኑን አድማጩ ራሱ እንዲያገኘው ጥቂት ዝም አልሁ። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ፣ «እነርሱም ሳይወለዱ ተስለዋል ማለት ነው» አለች። እኔ ከተዘጋጀሁበት አነጋገር የእርስዋ ይሻል ነበር።

፭. ስለ ጉዱ ካሣ ጥቂት ማስጠንቀቂያ

ስለዚህ መጽሐፍ የሚናገር ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጕድጓድ ጉዱ ካሣ ነው። ካሣ ዳምጤ የፊታውራሪ ቤት ዘመድ ሲሆን፣ የአገሩን ልማድ ስለሚተችና አነጋገሩ ከሰው ስለሚለይ «ጉዱ» የሚል ስም ወጥቶለታል። የሚናገረው ሁሉ ጥርት ያለ ስለ ሆነ፣ ተናጋሪ የእርሱን አሳብ እየጠቀሰ መጽሐፉ ይህ ነው ለማለት ይፈተናል። በዳባት እኔም ሩብ ሰዓት ያህል በእርሱ ላይ ስለ ፈጀሁ ንግግሬ ወደ ስብከት ተለውጦ ነበር።

በደባርቅ ግን ጉዱ ካሣን ያቀረብሁት እንደ ሰው ነው። እውነትን ያያል፤ ነገር ግን ሰዎች እንደ እብድ ስለሚቆጥሩት ቃሉ አይሠራም። እርሱም የሚኖረው ከሚነቅፈው ቤት አጠገብ ነው። «እውነት የሚናገርን ሰው እብድ ብሎ መጥራት ለማን ይመቻል?» ብዬ ጠይቄ አለፍሁ። አሳቦቹን ራሳቸው እንዲያገኟቸው አንዱንም አልጠቀስሁም።

፮. የት ላይ ማቆም ይገባል?

ታሪኩን የነገርኋቸው በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት እስከሚገባበት ድረስ ብቻ ነው። በትምህርቱ የተመሰገነው ወጣት ሰብለ ወንጌልን ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምር ይጠራል። እዚህ ላይ አቆምሁ። ምክንያቱም በዚህ ቦታ ሁለቱ ስጦታዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ። ከማንኩሳ የመጣው በስእለት የታሠረ ነው፤ በዲማ የተቀመጠችው በዘር የታሠረች ናት። በመካከላቸው አንድ መጽሐፍ ብቻ አለ። አድማጭ ይህን ከያዘ ቋጠሮውን ይዟል። ከዚህ አንድ እርምጃ ብጨምር ኖሮ ቋጠሮውን መፍታት ልጀምር ነበር። ስለ ባላገሮቹም የተናገርሁት ጠቡ በምን እንደ ተነሣ እንጂ እንዴት እንዳለቀ አይደለም።

ተናጋሪ ከልኩ ማለፉን የሚያውቅበት ምልክት በአድማጩ ጥያቄ ውስጥ ይገኛል። ሰዎች «ለምን እንዲህ አደረጉ?» እያሉ ሲጠይቁ ንግግሩ ገና በደኅና ቦታ ነው። «ታዲያ ተጋቡ? ሞተ? አመለጠች?» እያሉ በየተራ መጠየቅ ከጀመሩ ግን ተናጋሪው የታሪኩን ጫፍ አስጨብጧቸዋል፤ አሁን የሚቀራቸው መጎተት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መልስ ቢሰጥም ባይሰጥም ጥያቄውን ወደ «ለምን» መመለስ እጅግ ያስቸግራል።

የቀረውን ጊዜ ለንባብ ሰጠሁት። ስለ ማንኩሳና ስለ ውድነሽ ከሚተርከው ከመጀመሪያው ክፍል ሁለት ገጽ ያህል ጮኽ ብዬ አነበብሁ። ሐዘኑን ብቻ ሰምተው ለሚመጡ ሰዎች ይህ ክፍል ይጠቅማል፤ የደራሲው አነጋገር ቀስ ያለና ፈገግታ ያለበት መሆኑን ያሳያል። ንግግሩ ንባቡን ጨምሮ ከሃያ አምስት ደቂቃ አላለፈም።

፯. ከንግግሩ በኋላ

ከአድማጮቹ መካከል ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ከሚወስደው መንገድ አጠገብ ካለ ቀበሌ የመጣ አንድ ዲያቆን ነበር። በዘመናዊው ትምህርት ቤትም ይማራል። ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ሲወጣ እርሱ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስእለቱ በመጨረሻ ይፈታል ወይስ አይፈታም?» አለኝ። እኔም እንደ ደንቤ፣ «እርሱን መጽሐፉ ይነግርሃል» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «የጠየቅሁት ለጨዋታ አይደለም። እኔንም እናቴ ተስላብኛለች» አለኝ።

ያን ጊዜ የያዝሁት ደንብ እንደ ልጅ ጨዋታ መስሎ ታየኝ። አንድ ሰው የራሱን ነገር ከመጽሐፍ ሲጠይቅ፣ የታሪኩ ደስታ እንዳይጠፋ ብሎ ዝም ማለት ተገቢ ነውን? ልነግረው አፌን ከፈትሁ። ነገር ግን በሁለት ቃል ብመልስለት የሚሰማው የበዛብህን ዕጣ ብቻ ነው፤ ያንንም የራሱ ፍርድ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። መጽሐፉ ግን የስእለቱን ዋጋ ከእናቲቱም ከልጁም ወገን እያመዛዘነ በብዙ ገጽ ነው የሚሄደው። ስለዚህ፣ «የበዛብህ መልስ ላንተ መልስ አይሆንም። ነገር ግን አንተ የምትጠይቀውን ሁሉ እርሱ ጠይቆታል። መጀመሪያ አንተ ውሰደው» ብዬ መጽሐፉን ሰጠሁት። ትክክል ማድረጌን በዚያ ሌሊት እርግጠኛ አልነበርሁም።

ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልሎ መለሰልኝ። ስለ ፍጻሜው አንድም ቃል አልተናገረም። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ማታ ማታ ለእናቱ ሲያነብላቸው እንደ ነበረ ግን ነገረኝ። እናቱም የውድነሽን ነገር ሰምተው ብዙ ካለቀሱ በኋላ፣ «እርስዋ እውነት አላት፤ ግን ልጁን አልጠየቀችውም» አሉ። ዲያቆኑም፣ «ስለዚህ ነገር ከእናቴ ጋር ስንነጋገር የመጀመሪያችን ነው» አለኝ።

ዳባት ላይ ሁሉንም ስነግራቸው እንባ አይቼ ነበር፤ መጽሐፉን ግን ማንም አልወሰደውም። የደባርቁ መጽሐፍ ይህ እስከ ተጻፈበት ድረስ በስምንተኛው አንባቢ እጅ ነው፤ ዳሩ ተላልጦ እንደ ገና ተሰፍቷል። የዳባት ክበብ አባላትም ሌላ ንግግር እንዳደርግላቸው ጠይቀውኛል። በዚህ ጊዜ ግን ሌላ መጽሐፍ መምረጥ ይኖርብኛል።